ለሁሉም የሚሆን ኬክ

ሰሞኑን ልደቴ ነበር። ባሕር ማዶ ካለ የድሮ ጓደኛዬ መልእክት መጣልኝ። ጽጌረዳ አለው፣ ሻማ አለው፣ የሚያብለጨልጭ ኬክ አለው፣ ከላዩ ደግሞ ጥንድ ቀስት አለው። ጥንዷን ቀስት መቼም ታውቋታላችሁ፤ መልእክቱ ከሰው ሰው ሲተላለፍ አምስትና ከዚያ በላይ ሲሞላ ዋትሳፕ የሚለጥፍበት ማኅተም ናት። ወይ መታደል! እኔ ጋ የደረሰው እንደው አንድ ሰው ብድግ ብሎ የጻፈው ነገር ሳይሆን ስንቱ ቀምሶ ያሳለፈው ምኞት ነው ማለት ነው።

«እንኳን ተወለድሽልኝ የኔ እናት» ይላል። እኔ ጢማም ሰውዬ ነኝ። ቢሆንም ምርቃት አይመለስም ብዬ ቀጠልኩ። «የማሕፀንሽ ፍሬ ይባረክ» ይላል። አሜን። «ዕድሜሽ እንደ ማቱሳላ ይርዘም» ይላል። እዚህ ጋ ትንሽ አሰብኩ። ማቱሳላ የኖረው 969 ዓመት ነው። በ60 ዓመቴ ጡረታ ብወጣ 909 ዓመት በጡረታ ደሞዝ ልኖር ነው። የቤት ኪራዩን ማን ይከፍላል? አከራዬ ሲሞቱ ልጃቸው ይጨምርብኛል፣ ልጁ ሲሞት የልጅ ልጁ ይጨምርብኛል፣ እንዲህ እያለ ሠላሳ ትውልድ ሙሉ «ጋሼ፣ ኑሮ ተወደደ እኮ» እያለ በር ሲያንኳኳብኝ ታየኝ። እኔ ደግሞ በዚያ ዕድሜ፣ ያውም ከነማሕፀኔ፣ የት እሄዳለሁ? ጓደኛዬ ግን ይህን ሁሉ የተመኘልኝ በአንድ ጣት ነው። አንብቦት ቢሆን ኖሮ እኮ አይልከውም ነበር፤ ስላላነበበው ነው ያገኘሁት።

እንዲህ የሚልኩ ሰዎች የሚሰነፉ እንዳይመስላችሁ። ዋትሳፕ ብዙ የዞረን መልእክት በአንድ ጊዜ ከአንድ ቦታ በላይ አያስተላልፍም። ስለዚህ ላኪያችን ለእያንዳንዳችን አንድ በአንድ ተጭኖልናል፤ ይሄ ድካም ካልተባለ ምን ይባላል? ከሱ የሚበልጠው ግን ኮፒ ፔስት አድራጊው ነው። ቀስቷን አጥፍቶ ልክ ዛሬ ጠዋት ራሱ የጻፈው ያስመስለዋል፣ አልፎ አልፎ የሌላ ሰው ስም ውስጡ ይረሳል እንጂ። ለኔ ግን የሁሉም አለቃ «እንኳን ተወለድክ/ሽ» ብሎ የሚልከው ነው። ወንድ ይሁን ሴት አላጣራም፣ ግን ሁለቱንም አላስቀየመም።

አንዱ ላይ ግን ሽሙጤም ያልቅብኛል። አረብ አገር ሰው ቤት የምትሠራ፣ ስልኳን የምታየው ማታ ሥራ ስትጨርስ ብቻ የሆነች ልጅ አለች። በልደቷ ማታ ስትከፍተው ኬክ በኬክ ሆኖ ይጠብቃታል። ስሟን የጠራ የለም። «ደህና ነሽ? ይከፍሉሻል? ትተኛለሽ?» ያለ የለም። ምን ሆነን ነው? አንድ መስመር መጻፍ እንዴት ያቅተናል? ብር ላኪ ስንላት እንኳን ኮፒ አናደርግም፣ ያኔ እያንዳንዷን ቃል ራሳችን ነን የምንጽፋት!

እሺ፣ ወደ ምስጋናዬ ልመለስ።

በራስ ጭንቅላት መጻፍ ምን ያህል ኪሳራ እንደሆነ ላሳያችሁ። ዋሽንግተን አካባቢ የምትኖር ጓደኛ አለችኝ፣ ልደቷ ጥር 12። መጀመሪያ ሰዓት ማስላት አለ። በጥር እነሱ ከኛ በ8 ሰዓት ወደ ኋላ ናቸው፤ እዚህ እኩለ ሌሊት ጠብቃችሁ ብትልኩ እዚያ ገና የዋዜማው ከቀኑ 10 ሰዓት ነው። ስለዚህ እስከ ማግስቱ ከሰዓት መጠበቅ ነበረብኝ። ከዚያ እንዲህ ጻፍኩ፦

«ዛሬ ቃና ዘገሊላ ነው። ጃንሜዳ ግንባርሽ ላይ ያረፈችው ሎሚ ትዝ አለችኝ። አንቺ መልሰሽ ስትወረውሪ ወርዋሪውን ትተሽ የአንድ ሽማግሌ ዣንጥላ መታሽ፣ ይቅርታ የጠየቅኩት ደግሞ እኔ። እንኳን ተወለድሽ። ያ የሌሊት ፈረቃ አልቆልሽ ይሆን? መንጃ ፈቃዱስ፣ ደግመሽ ተፈተንሽ?»

ብክነቱን አያችሁ? ይህን ለማን አስተላልፈዋለሁ? ስሟን አጥፍቼ ለአክስቴ ልጅ ብልከው ሎሚው አይመታትም፣ ለመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ ብልከው የምን ፈረቃ ይለኛል። አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል ዕቃ! «ሁሌም ፈገግታሽ አይጥፋ» ብል ኖሮ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ስንቱን አዳርስበት ነበር። በዚያ ላይ ጥያቄ ጨምሬበታለሁ፣ ጥያቄ ደግሞ መልስ ያመጣል። ይኸው ረጅም ድምፅ ላከችብኝ። ፈተናውን እንደገና ወድቃለች፣ መኪና ማቆሙ ላይ ነው አሉ። ፈታኙን ስትሳደብ፣ ስትስቅ፣ መሃል ላይ ደግሞ ዝም ብላ ስታለቅስ ቁጭ ብዬ አዳመጥኩ፤ አሁን ደግሞ ቅዳሜ ልደውልላት ቃል ገብቻለሁ። ኬኩን ብልክላት እኮ «አሜን» ብላ ትገላግለኝ ነበር።