እርማት፦ አዲስ ኑዛዜ ሁሉ የድሮውን አይሽርም

«አባባ ሁለተኛ ኑዛዜ ስለጻፈ የመጀመሪያው በቃ ዋጋ የለውም አይደል?»

የግድ አይደለም እህቴ፣ ይሄ አባባል ስንት ወንድምና እህት አጣልቷል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 898 የሚለው የድሮው የሚሻረው ተናዛዡ በኑዛዜ ፎርም «ሽሬዋለሁ» ብሎ በግልጽ ሲጽፍ ወይ ደሞ ሁለቱ አብረው መፈጸም የማይችሉ ሲሆን ነው። እንበል በመጀመሪያው ቤቱን ለትልቋ፣ ሚኒባሷን ለወንድ ልጁ ሰጠ፣ በሁለተኛው ሚኒባሷን ለእህቱ አደረጋትና ስለ ቤቱ ምንም አላለም፣ እንግዲህ የሚሻረው የሚኒባሷ ብቻ ነው፣ ቤቱ አሁንም የትልቋ ነው። ቡና ላይ ተቀምጦ «ያንን ትቼዋለሁ» ማለት አይበቃም፣ ግን ራሱ ሆን ብሎ ወረቀቱን ቢቀደው ወይ ቢያቃጥለው ይሻራል።

አንድ ነገር ግን አጣሩ፣ ከኑዛዜው በኋላ ልጅ ተወልዷል? ልጁ ውርሱን ከተቀበለ ስጦታዎቹ ሊፈርሱ ይችላሉ፣ ፍርድ ቤት ግን ሟቹ ልጅ እንደሚወለድ ቢያውቅም ስጦታውን አይለውጠውም ነበር ካለ ሙሉውን ወይ ከፊሉን ሊያጸናው ይችላል። ለሚስት የተናዘዘው ደሞ በፍቺ ይቀራል።

ስለዚህ የመጀመሪያውን ወረቀት እንዳትጥሉት፣ ሁለቱንም ይዛችሁ ፍርድ ቤት ሂዱ።