ከልቤ ነው ያልኩት!

ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ቡና እየተቆላ፣ ስልኬ ላይ የግብፅ ዘፈን እየተንቆረቆረ ነው። የማላውቀውን ቋንቋ አብሬ መዝፈን ከልጅነቴ የተጠናወተኝ አመል ነው። ዐይኔን ጨፍኜ፣ አንገቴን ዘንበል አድርጌ «ያ ከልቢ! ያ ከልቢ!» እያልኩ አቀነቀንኩ።

የአክስቴ ልጅ ቤይሩት ሰባት ዓመት ሠርታ የተመለሰች ናት። የቡናው መቁያ ከእጇ ሊያመልጥ ምንም አልቀረው።

«አንተ! ምን እያልክ እንደሆነ ታውቃለህ?»

«ከልቤ እያልኩ ነዋ!»

«ውሻዬ ነው ያልከው።»

ለካ ልብ በዐረብኛ «ቀልብ» ነው። እኛም «ቀልቤ ተሰረቀ» የምንለው ያው ቃል ነው። «ቀ»ን «ከ» ካደረጓት ግን ልብ ወደ ውሻ ይለወጣል። ግዕዙም ውሻን «ከልብ» ነው የሚለው። ስንት ዓመት ሙሉ በፍቅር ዘፈን መሀል ውሻ ስጠራ ኖሬያለሁ!

የሚያናድደው ደግሞ ዘፋኙ ራሱ «ቀ»ን አለማለቱ ነው። በካይሮና በቤይሩት ንግግር «ቀ» ብዙ ጊዜ ትዋጣለች፤ «አልቢ» ይሉታል። የባሕረ ሰላጤ ሰዎች ደግሞ «ገልቢ» ይላሉ። እንግዲህ አንድ ልብ ሦስት ቦታ ሦስት ስም አለው። መዝገበ ቃላት ይዞ «አልብ» የሚል ቃል የሚፈልግ ሰው እስከ ሠርጉ ቀን አያገኘውም። መላው፣ ቃሉ በአናባቢ ሲጀምርብህ የጠፋች «ቀ» ካለች ብለህ መመለስ ነው።

መዝገበ ቃላት ሌላም ጊዜ ጉድ ሠርቶኛል። ዘፋኙ «ወሐሽቲኒ» እያለ ሲያለቅስ ሰማሁና ከቃሉ ሥር ገባሁ። «ወሕሽ» ማለት አውሬ ነው ይላል። ምስኪኗን አውሬ ብሎ እየሰደባት ነው ብዬ ደመደምኩ።

የአክስቴ ልጅ ሳቋን ዋጥ አድርጋ «‹ናፈቅሽኝ› ነው ያላት» አለችኝ።

ነገሩ እዚህ ላይ ይጥማል። ያው ሥር «ወሕሻ»ን ይወልዳል። ሰው የሌለበት ቦታ የሚያሳድረው ጭር ማለት፣ አውሬ ብቻ የሚዞርበት ባድማ ዓይነት ስሜት ነው። ስለዚህ «ወሐሽቲኒ» ሲል «ስትሄጂ ቤቱን ጭር አደረግሽብኝ» እንደማለት ነው። አድራጊዋ እሷ፣ የተደረገበት እሱ። አሁን «ናፈቅሽኝ» የሚለውን የራሳችንን ቃል ገልብጠህ እየው። «ሽ» አድራጊዋ አይደለችም? እኔማ «ኝ» ሆኜ መጨረሻ ላይ ተለጥፌአለሁ፤ ምንም አላደረግኩም። የናፍቆትን ጥፋት በሌላው ማላከክን ከካይሮ አልተማርነውም፣ ግን ተስማምተናል።

ሕንዶቹም ከዚያ አይሻሉም። ልጅ ሳለሁ በሕንድ ፊልም ውስጥ ሰውየው ዛፍ እየዞረ «አጃ! አጃ!» ሲል የአጃ ገንፎ አምሮት ይመስለኝ ነበር። ለካ «ነይ» ማለቱ ነው። ከባዱ ግን «ቱምሃሪ ያድ አቲ ሄ» የሚለው ነው። «አቲ» ከመምጣት የወጣ ቃል ነው፤ ያውም በሴት ጾታ። ጀማሪ አድማጭ «እሰይ፣ እየመጣች ነው!» ይላል። አትመጣም። «ያድ» ትውስታ ነው፤ በሂንዲ ደግሞ ትውስታ ሴት ናት። የምትመጣው ልጅቷ ሳትሆን ትዝታዋ ነው። «ትዝታሽ ይመጣብኛል» ብለህ ወስደህ አማርኛ ላይ ስታስቀምጠው ቁጭ ይላል። ስለዚህ ከግሱ በፊት «ያድ»ን ከሰማህ በሩን ለመክፈት አትነሳ።

ዘመድ ቃል ስታገኝም ቶሎ አትመን። «ሸውቅ» በዐረብኛ ናፍቆት ነው። ሂንዲና ኡርዱ ወስደውት «ሾቅ» ሲሉት፣ ሰው በትርፍ ጊዜው ደስ ብሎት የሚያደርገውን ነገር ወይም ዝንባሌን ይሆናል። አንዱ በናፍቆት ይቃጠላል፤ ሌላው ቴምብር ይሰበስባል።

ሦስተኛው ቡና ሲቀዳ የአክስቴ ልጅ ስልክ ጮኸ። የድምፅ መልእክት ነው። ቤይሩት ያሳደገችው ልጅ ነው፤ አሁን ድምፁ ጎርንኗል። «ሽታእቲልክ» አላት።

አሁን እኔ ሊቅ ሆኛለሁ። «ቆይ፣ ይሄ ‹ሸውቅ› ነው አይደል? ‹ቀ› ተውጣ ነው?»

«አዎ» አለች። «ግን ይሄኛው ‹ወሐሽቲኒ› አይደለም። እዚህ አድራጊው ራሱ ነው። ‹እኔ አንቺን ናፈቅኩ› ነው ያለው።»

መልእክቱን እንደገና ከፈተችው። ሲኒዋ ውስጥ ያለው ቡና ቀዘቀዘ፤ እኔም ዘፈኔን አጠፋሁ።