ለገና የሚጠራ ሰው ፈረቃውን ይንገረን

«የልደት በዓል እየደረሰ ስለሆነ በጎ ፈቃደኛ ወጣቶች እንፈልጋለን። ፈቃደኛ የሆናችሁ ስማችሁን አስመዝግቡ።»

ገና ሲቃረብ ላሊበላ ላይ እንዲህ ያለ ጥሪ ይዞራል። ሁሉም «አለሁ» ይላል። ሌሊቱ ሲደርስ ግን ብዙው የለም። ስንፍና አይመስለኝም፤ ልጁ መቼ መጥቶ መቼ እንደሚለቀቅ አልተነገረውማ! እሱም እኮ እንደ እንግዳው ሁሉ ጠዋት ቤተ ማርያም ላይ ቤዛ ኵሉ ማየት ይፈልጋል። ካህናቱ ሲያሸበሽቡ ጀሪካን ይዞ የሚቆም ማን አለ? ስለዚህ ፈረቃው ከዚያ በፊት እንደሚያልቅ ቀድሞ ይጻፍለት።

ቀኑም ይለይ። «የ29 ሌሊት» ከተባለ አንዱ በዋዜማው ይመጣል፣ ሌላው በዓሉን ውሎ በልቶ ጠጥቶ ማታ ይመጣል። «ታኅሣሥ 28 ለ29 አጥቢያ» ሲባል ግን አያምታታም። ደግሞ ጳጉሜን 6 ቀን የሆነችበትን ዓመት ተከትሎ ልደት በ28 ይውላል፤ በ2016 እንደዚያ ነበር፣ በ2020ም እንደዚያው ይሆናል። ያን ዓመት የአምናውን ጥሪ ገልብጦ የሚልክ አስተባባሪ ሰዉን ሁሉ በአንድ ቀን ያዘገየዋል።

ሥራውን «እንግዳ መቀበል» ብሎ ማለፍም አይበቃም። ቀናት በእግሩ የተጓዘን ምዕመን እግር ማጠብ ብቻውን ውሃ የሚቀዳ፣ የሚያሞቅና በየሳፋው የሚቀይር ሰው ይፈልጋል። አጣቢ ሞልቶ ውሃ የሚቀዳ ከሌለ እንግዳው በቀዝቃዛ ውሃ ይታጠባል፣ ወይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። በጠባቦቹ መተላለፊያዎች ሰው የሚያሳልፈው ደግሞ ለሰዓታት መቆም የሚችል፣ ጸባዩም ረጋ ያለ ይሁን።

«ማበረታቻ ይኖራል» የምትለዋ ቃል ግን ትቅር። አንዱ አበል ይጠብቃል፣ ሌላው ቲሸርት፣ ከበዓሉ ማግስት ኩርፊያ ነው። ብር ከሌለ የለም በሉ፣ ሰው አይቀየምም። ራት ካለም የጾም መሆኑ ይታሰብ፣ ጾሙ ገና አልተፈታም።

እኔ ብሆን እንዲህ እጽፍ ነበር፦

«ታኅሣሥ 28 ለ29 አጥቢያ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት፣ እግር ለማጠብ 12 ሰው እንፈልጋለን። አራት ውሃ ይቀዳሉ፣ ሁለት ያሞቃሉ፣ ስድስት ያጥባሉ። ከ7 ሰዓት በኋላ ነጻ ናችሁ፤ ቤዛ ኵሉ አያመልጣችሁም። የጾም ራትና ሻይ አለ። ከወልድያና ከደሴ ለምትመጡ ማደሪያ እናዘጋጃለን፣ የመኪና ግን በራሳችሁ ነው። አበል የለም። ለፈለገ የምስክር ወረቀት እንጽፋለን። ሌሊቱ ብርድ ነው፣ ጋቢ ያዙ። መምጣት ካልቻላችሁ እስከ 27 ማታ ንገሩን፣ ሌላ ሰው እንተካለን።»