«ፈርመው ሲመልሱ» የሚለው ደብዳቤ

«የተከበሩ ደንበኛችን፣ አረቦን ባለመክፈልዎ የሕይወት መድን ውልዎ ተቋርጧል። ውዝፉን ከነወለዱ ከፍለው፣ የተያያዘውን የጤና መግለጫ ፈርመው ሲመልሱ ውልዎ ወደ ነበረበት ይመለሳል።»

ደብዳቤው በነሐሴ ወር የደረሰው በቡሬ ከተማ እህል ለሚነግድ ጎረቤቴ ነው። በየሦስት ወሩ 1,500 ብር የሚከፍልበት ውል ስድስት ዓመት አልፎታል፤ ሆኖም የታኅሣሡ ክፍያ የደረሰው ጤፍ ከየአውድማው በሚገባበት፣ የነጋዴ ጥሬ ገንዘብ ሁሉ ወደ ጆንያ በሚለወጥበት ሰሞን ስለነበር ከነእፎይታ ጊዜው አለፈው። የመጋቢቱና የሰኔው ሲጨመሩ ውዝፉ ወለዱን ሳይጨምር 4,500 ብር ሆነ።

የመድን ኩባንያው ወኪል ይህን ደብዳቤ መጻፉን አልነቅፍም። ሰውየው ዛሬ አዲስ ውል ቢገባ አረቦኑ የሚሰላው በአሁኑ ዕድሜው ስለሆነ አሮጌውን ማስቀጠል ብዙ ጊዜ ይረክሳል። ቅር የሚለኝ «ፈርመው ሲመልሱ» የሚለው አነጋገር ነው፤ ውሉን የሚመልሰው የደንበኛው ፊርማ ሳይሆን ኩባንያው መግለጫውን መርምሮ በጽሑፍ የሚሰጠው ስምምነት ነውና። ገንዘቡ ገብቶ ደረሰኝ ቢቆረጥ እንኳ፣ በውሉ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ ምላሹ እስኪመጣ ድረስ ሰውየው ሽፋን አለው ማለት አይቻልም፤ ደብዳቤው ግን ስለዚህ ክፍተት አንድ ቃል አይናገርም።

ከዚህ የሚከፋው የቅጹ አሞላል ነው። ጎረቤቴ በሚያዝያ ክሊኒክ ሄዶ የደም ግፊት እንዳለበት ተነግሮት በየቀኑ ኪኒን ይወስዳል። ይህን በስልክ ሲያነሣ ወኪሉ «ጋሼ፣ ውል ሲገቡ ጤነኛ ነበሩ አይደል? ሁሉንም ‘የለም’ ይበሉት» አለው። ምክሩ ስሕተት ነው፤ መግለጫው የሚጠይቀው ከስድስት ዓመት በፊት የነበረውን ጤና ሳይሆን ቅጹ እስከሚፈረምበት ቀን ያለውን ነው። በ1952ቱ የንግድ ሕግም ሆን ብሎ እውነትን መደበቅ ወይም ሐሰት መናገር የመድን ውልን ዋጋ ያሳጣል። ጉዳዩ የሚወጣው ደግሞ ሰውየው ከሞተ በኋላ፣ ባለቤቱ ካሳ ስትጠይቅና የክሊኒኩ ካርድ ሲገለጥ ነው፤ ያኔ «ወኪሉ ነው ያለው» ብሎ የሚመሰክርላት አይኖርም።

እውነቱን መጻፍም ዋጋ ሊያስከፍል ይችላል፤ ኩባንያው ሐኪም እንዲያየው ሊጠይቅ፣ አረቦኑን ሊጨምር፣ ጨርሶም እንቢ ሊል ይችላል። ስለዚህ ወኪሉ በዚያው ደብዳቤ፣ እንቢ ቢባል በስድስቱ ዓመት የተጠራቀመ የሚመለስ ገንዘብ መኖር አለመኖሩን ማስፈር ነበረበት፤ ይህም ተዘሏል።

ጎረቤቴ ቅጹን በገዛ እጁ ሞላው። «ደም ግፊት» ከሚለው ትይዩ «አለ፣ ከሚያዝያ ጀምሮ» ብሎ የኪኒኑን ስም ከማሸጊያው ላይ ገለበጠ፤ የክሊኒኩን ካርድ ቅጂ አያይዞ ሲያስረክብም በራሱ ቅጂ ላይ የተቀባዩን ፊርማና ቀን አስደረገበት።