የድብርት መድኃኒት በአሥር ቀን አይመዘንም

«ፍሉኦክሰቲን አሥር ቀን ውጦ ለውጥ ያላየ ሰው መድኃኒቱ አልሠራለትም ማለት ነው፤ ቢያቆመው ይሻላል።»

ወንድሜ፣ በቅንነት እንደጻፉት አምናለሁ፤ ግን መድኃኒቱ ሥራውን የሚጀምረው በሰዓታት ውስጥ ነው፤ የሚዘገየው ለውጡ ነው። ፍሉኦክሰቲን የነርቭ ሴል የለቀቀውን ሴሮቶኒን መልሶ እንዳይስብ መንገዱን ይዘጋል። ሴሮቶኒን ሲበዛ ግን በራሱ በለቃቂው ሴል ላይ ያሉ ተቆጣጣሪ ተቀባዮች «በቃ» ብለው ልቀቱን ይቀንሱታል። እነዚህ ተቀባዮች የሚዳከሙት ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ጊዜ ሲሆን፣ ልቀቱ የሚጨምረው ከዚያ በኋላ ነው። የመዘግየቱ ምክንያት ይህ ብቻ ባይሆንም በሰፊው የሚጠቀሰው እሱ ነው። ሌላው የድብርት መድኃኒት አሚትሪፕቲሊንም በመጀመሪያው ሌሊት አፍ ያደርቃል፣ እንቅልፍ ያመጣል፤ ድብርቱን የሚያቀለው ግን ከሳምንታት በኋላ ነው።

ፍኖተ ሰላም የማውቃቸው እናት በቀን 20 ሚሊ ግራም ጀምረው፣ ማቅለሽለሹ ሲበረታባቸው በስምንተኛው ቀን አቆሙ። ያገኙት ጉዳቱን ብቻ ነበር፤ ጥቅሙ ገና አልደረሰም። እንደገና ሲጀምሩ በሦስተኛው ሳምንት እንቅልፋቸው ተስተካከለ፤ በስድስተኛው ጎረቤት ጠርተው ቡና አፈሉ።

ለማረጋገጥ በመድኃኒቱ ካርቶን ውስጥ ያለውን ወረቀት ያንብቡ ወይም ፋርማሲስት ይጠይቁ። በበቂ መጠን አራት ሳምንት ተወስዶ ምንም ለውጥ ከሌለ ሐኪሙ መጠኑን ወይም መድኃኒቱን ይቀይራል። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ወይም ከባድ መቁነጥነጥ ከመጣ ግን ቀን ሳይቆጠር በዚያው ዕለት ወደ ሐኪም ይኬዳል።