ጡረታው ከመነሻ ደመወዝ፣ ግብሩ ከሚታክሰው ገቢ፤ 11 በመቶው ደግሞ የራሱ ዓምድ አለው

«ሠራተኞቹ ጡረታ 18 በመቶ ይቆረጥብናል ይላሉ፣ ሥራ አስኪያጁ 11 በመቶው የድርጅቱ ነው ይላል። እኔ ደግሞ ግብሩን የማሰላው ጡረታው ከተቀነሰ በኋላ ይሁን ከመቀነሱ በፊት ግራ ገብቶኛል። ሁሉንም ኤክሴል ላይ በአንድ ፎርሙላ ብጨርሰው ምን ችግር አለው?»

ሥራ አስኪያጁ ልክ ነው። በግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ቁጥር 1268/2014 መሠረት ሠራተኛው የሚያዋጣው 7 በመቶ ነው፤ አሠሪው ከራሱ 11 በመቶ ይጨምርበታል። 18 የሚባለው የሁለቱ ድምር፣ ለጡረታ ፈንዱ ገቢ የሚሆነው ነው። ግብሩ የሚሰላው ጡረታው ከመቀነሱ በፊት ነው። የሠራተኛው 7 በመቶ የሚታክሰውን ገቢ አያሳንስም። አንድ ፎርሙላ የሚለውን ግን አጥብቄ እቃወማለሁ። ስህተቱ የሚደበቀው እዚያ ውስጥ ነውና።

የደመወዝ ስሌት ሁለት መነሻዎች አሉት፤ መነሻዎቹ አንድ አይደሉም። ጡረታ የሚሰላው ለመደበኛ ሥራ በወር ከሚከፈለው ሙሉ ደመወዝ፣ በቢሮ አነጋገር ከቤዚኩ ነው። የትርፍ ሰዓት ክፍያና አበል አይገቡበትም። ግብር የሚሰላው ደግሞ ከቤዚኩ፣ ከትርፍ ሰዓቱና ከሚታክሱት አበሎች ድምር ላይ ነው። በአንድ ሴል ውስጥ የታጨቀ ፎርሙላ እነዚህን ሁለት መነሻዎች ያደባልቃል። ሲሳሳትም የሚያሳየው የመጨረሻውን ቁጥር ብቻ ስለሆነ የቱ ላይ እንደተሳሳተ አይናገርም።

ስለዚህ እንደ ፎቅ ደረጃ በደረጃ ይሠራ። መጀመሪያ የገቢው ረድፍ ይምጣ፦ ቤዚክ በ B፣ የሚታክስ አበልና ትርፍ ሰዓት በ C፣ ከግብር ነፃ የሆነ አበል በ D። ከዚያ ጥቅሉ በ E፣ የሚታክሰው በ F፣ ግብሩ በ G፣ የሠራተኛው ጡረታ በ H፣ ሌሎች ተቀናሾች፣ ለምሳሌ የብድርና የቁጠባ፣ በ I፣ የተጣራው በ J። ከተጣራው በስተቀኝ የአሠሪው ድርሻ በ K ይቀመጥ። K ወደ J የሚያስገባ በር የለውም፤ ቦታው ራሱ ይህን እንዲናገር ነው ከተጣራው ወዲያ የማስቀምጠው።

```
E2: =B2+C2+D2
F2: =B2+C2
H2: =ROUND(B2*7%,2)
J2: =E2-G2-H2-I2
K2: =ROUND(B2*11%,2)
L2: =H2+K2
M2: =E2+K2
```

L ለጡረታ ፈንዱ የሚገባው ነው፤ M ሠራተኛው ድርጅቱን በወር ስንት እንደሚያስወጣው ያሳያል።

የቀረው G ነው። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395/2017 እስከ 2,000 ብር ግብር የለበትም። ከዚያ በላይ እስከ 4,000 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 20፣ እስከ 10,000 25፣ እስከ 14,000 30፣ ከ14,000 በላይ 35 በመቶ ነው። ብዙ ሰው ይህን IF ላይ IF እየደራረበ ይጽፈዋል። ከትንሹ እርከን ጀምሮ «ከ2,000 ይበልጣል?» ብሎ የጠየቀ ሰው፣ መልሱ ለሁሉም «አዎ» ስለሚሆን ኤክሴሉ እዚያው ይቆማል፤ የ15,000 ብሩም ሰው በ15 በመቶ ይሰላል። ሠራተኛው ደስ ይለዋል፤ ጎዶሎው በኦዲት ጊዜ አሠሪው ላይ ይመጣል። ቀሪ አድርጎ ማስገባት የነበረበት እሱ ስለሆነ ነው።

እኔ የምመርጠው ቅደም ተከተል የማይፈልገውን መንገድ ነው፦

```
G2: =ROUND(MAX(0, F2*15%-300, F2*20%-500,
     F2*25%-850, F2*30%-1350, F2*35%-2050),2)
```

የሚሠራበት ምክንያት ይህ ነው። ምጣኔው ገቢው በጨመረ ቁጥር እያደገ ስለሚሄድ፣ ትክክለኛው እርከን ሁልጊዜ ከስድስቱ ውጤቶች ትልቁን ይሰጣል። 300፣ 500፣ 850 እያሉ የሚቀነሱት ቁጥሮች ታችኛው እርከን ላይ በትንሽ ምጣኔ የተከፈለውን ማካካሻ ናቸው። ድንበሩ ላይ መሞከር ይቻላል፦ 14,000 በ30 በመቶ ሲሰላ 4,200 ሲቀነስ 1,350፣ 2,850 ነው። በ35 በመቶ ሲሰላም 4,900 ሲቀነስ 2,050፣ ያው 2,850። ድንበር ላይ ሁለቱ ካልገጠሙ ተቀናሹ በስህተት ተገልብጧል።

አሁን አንድ ሰው እናስገባ። ቤዚክ 12,000፣ የኃላፊነት አበል 3,000፣ ከግብር ነፃ የትራንስፖርት አበል 600። ጥቅሉ 15,600፣ የሚታክሰው 15,000። ግብሩ 5,250 ሲቀነስ 2,050፣ ማለትም 3,200። ጡረታው የ12,000 ሰባት በመቶ፣ 840። ሌላ ተቀናሽ ስለሌለ በእጁ የሚደርሰው 11,560 ብር ነው። ድርጅቱ ከራሱ 1,320 ያዋጣል፤ ለፈንዱ 2,160 ይገባል፤ ሠራተኛው ድርጅቱን 16,920 ያስወጣዋል።

በዚሁ ሰው ላይ የተለመዱት ስህተቶች እያንዳንዳቸው የራሳቸውን አሻራ ይተዋሉ። ጡረታውን ቀድሞ ቀንሶ ግብር ያሰላ ሰው 15,000ን ወደ 14,160 አውርዶ 2,906 ብር ግብር ያገኛል። ጉድለቱ 294 ብር ነው፤ ይህም በትክክል የ840 35 በመቶ። በዓመት 3,528 ብር፣ ያውም ለአንድ ሠራተኛ። ልዩነቱን በጡረታው አካፍሎ ከእርከኖቹ ምጣኔ አንዱ ሲወጣ ካየ፣ ሒሳብ ሠራተኛው ሌላ ቦታ መፈለግ የለበትም።

ጡረታውን ከጥቅሉ ያሰላ ደግሞ ከሠራተኛው 1,092፣ ከድርጅቱ 1,716 ያወጣል። ይህን ለመያዝ የ L ድምር ለ B ድምር ይካፈል። ውጤቱ 18 በመቶ ካልሆነ አበል ገብቶበታል፤ በዚህ ምሳሌ 23.4 በመቶ ይመጣል። ግብሩ ከሠራተኛው ብዙ ሲቆርጥና ከ14,000 በላይ የሚታክስ ገቢ ባላቸው ሁሉ ላይ ልዩነቱ እኩል 550 ብር ሲሆን ደግሞ የድሮው ተቀናሽ አልተቀየረም ማለት ነው። በአዋጅ ቁጥር 979/2008 የ35 በመቶው ተቀናሽ 1,500 ነበር፤ 2,050 የሆነው በአዲሱ ነው።

ከሁሉ የከፋው 18 በመቶውን ሙሉ በሙሉ ከሠራተኛው ላይ መቁረጥ ነው። 2,160 ሲነሳ በእጁ የሚቀረው 10,240 ይሆናል፤ 1,320 ብር የአሠሪው ግዴታ በሠራተኛው ኪስ ተከፈለ ማለት ነው። ይህ የስሌት ስህተት ተብሎ የሚታለፍ አይደለም፤ የሠራተኛውን ገንዘብ መውሰድ ነው። ፔይስሊፕ ላይ «ጡረታ» ተብሎ አንድ ቁጥር ብቻ ሲጻፍ ሠራተኛው ይህን ማወቅ አይችልም። ስለዚህ K ለሒሳብ ክፍሉ ብቻ ተደብቆ መቅረት የለበትም እላለሁ። «ከእርስዎ 840፣ ከድርጅቱ 1,320» የሚል መስመር በየወሩ በወረቀቱ ላይ ይውጣ። አንድ ዓምድ ማተም ምንም አያስወጣም።

ወረቀቱ ላይ መታየት ያለበት ሌላም ምክንያት አለ። ቤዚኩን አሳንሶ አበሉን ማብዛት እየተለመደ ነው። ያንኑ ሰው ቤዚኩን 8,000፣ የሚታክስ አበሉን 7,000 ብናደርገው ግብሩ ያው 3,200 ነው። ጡረታው ግን 560 ስለሚሆን በእጁ የሚገባው በ280 ብር ያድጋል። ድርጅቱም በየወሩ 440 ብር ያተርፋል። ሁለቱም የተጠቀሙ ይመስላል።

ሠራተኛው 25 ዓመት አገልግሎ ጡረታ ሲወጣ ግን ሒሳቡ ይገለበጣል። የጡረታ አበሉ የሚሰላው በመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝ ላይ ነው፦ ለመጀመሪያው 10 ዓመት 30 በመቶ፣ ከዚያ በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ፣ ጣሪያው 70 በመቶ። ለ25 ዓመት 48.75 በመቶ ይሆናል። በ12,000 ላይ 5,850 ብር፣ በ8,000 ላይ 3,900 ብር። ዛሬ ለ280 ብር ብሎ የተስማማ ሰው ያኔ በየወሩ፣ በሕይወት እስካለ ድረስ፣ 1,950 ብር ያጣል። ይህን ስሌት አይቶ የሚስማማ ካለ ምርጫው ነው። ሳያሳዩት ማስፈረም ግን ተገቢ አይደለም።

በመጨረሻ «በእጅ ይህን ያህል እንከፍልሃለን» እየተባለ ስለሚዋዋሉት። የተጣራው ተነግሮ ቤዚኩ ሲፈለግ ብዙዎች ለ0.93 አካፍለው ይተዋሉ፤ ግብሩን ይረሱታል። ሁሉም ክፍያ ቤዚክ ከሆነና እርከኑ 35 በመቶ ከሆነ፣ ከእያንዳንዱ ብር 7 ሳንቲም ለጡረታ፣ 35 ሳንቲም ለግብር ይሄዳል፤ 58 ሳንቲም ይቀራል። 2,050ው ደግሞ በተቀናሽነት ለሠራተኛው ስለሚመለስ ከሚፈለገው የተጣራ ላይ ቀድሞ ይነሳል።

```
=(20000-2050)/(1-7%-35%)
```

20,000 በእጅ ለማድረስ ቤዚኩ 30,948.28 ይሆናል። ወደ ፊት ሲፈተሽ ጡረታው 2,166.38፣ ግብሩ 8,781.90፣ ቀሪው በትክክል 20,000። የተገኘው ቤዚክ ከ14,000 በታች ቢሆን ኖሮ የተጠቀምንበት እርከን ስህተት ስለሚሆን በታችኛው ምጣኔና ተቀናሽ እንደገና ይሰላል። በዚህ ላይ የድርጅቱ 11 በመቶ፣ 3,404.31፣ ሲጨመር ወጪው 34,352.59 ይደርሳል። ውሉ ላይ መጻፍ ያለበት ቤዚኩ ነው። የተጣራው ብቻ ከተጻፈ እንደ ሐምሌ 2017ቱ ያለ የግብር ማሻሻያ በመጣ ቁጥር ቅናሹ ለሠራተኛው ሳይደርስ አሠሪው ዘንድ ይቀራል፤ የጡረታው መነሻም ስንት እንደሆነ ሠራተኛው የሚያመሳክርበት ወረቀት አይኖረውም።