ከመሄዷ በፊት የጀመርነው እኛ ነን

የአዳማ ሰዎች፣ ዛሬ የምወቅሰው እናንተን ነው። ጅዳና ቤይሩት ያለችው ማዳም የራሷ በደል አለባት። እሷ ግን ይህን ጽሑፍ አታነበውም። እናንተ ታነቡታላችሁ፤ ነገሩ የሚጀምረውም እዚሁ ስለሆነ የምትሰሙት ይበቃኛል።

ወደ አረብ አገር የምትሄድ ልጅ መልኳን እንድትቀይር የሚነገራት እዚያ ስትደርስ ይመስለናል። አይደለም። ደላላው ፎቶ ሊያስነሳት ሲወስዳት ተጀምሯል። ወደ ኤጀንሲው የሚላከው ቅጽ ሙሉ ቁመቷ የሚታይበት ፎቶ አለው። ቁመቷ፣ ክብደቷ፣ ሃይማኖቷ ይሞላል። ብዙዎቹ ቅጾች ላይ የቆዳ ቀለም የሚጻፍበት ቦታም አለ። አሠሪዋ ምግብ ማብሰሏን ወይም ልጅ መያዟን ሳታይ ፊቷን አይታ ትመርጣለች። ይህን የሚያውቅ ደላላ «ፊትሽ ትንሽ ጠራ ቢል ቶሎ ትመረጫለሽ» ይላታል። እናቷ አጠገቧ ቆማ ትሰማለች፤ ዝም ትላለች። አንዳንዷማ ክሬሙን ራሷ ትገዛላታለች።

ደላላው የሚጠይቀው ይህን ብቻ አይደለም። ክርስቲያኗን «ማተብሽን በጥሺ፣ ስምሽም ይቀየር» ይላታል፤ ወደ ሳዑዲ ቶሎ እንድትሄድ። ሹሩባዋን እንድትፈታ ወይም ፀጉሯን በኬሚካል እንድታለሰልስ ይነግራታል። እዚያ ከደረሰች በኋላ ደግሞ «ፀጉርሽ ምግብ ውስጥ ይገባል» ተብሎ በመቀስ የተቆረጠባት፣ ስሟ ለቤቱ ሰው አልያዝ ብሎ በሌላ ስም የተጠራች አለች። ይህ ሁሉ ይከፋል። በተለይ በልጅነቷ የታሰረላትን ማተብ ለአንድ ቪዛ ብላ የበጠሰች ልጅ የሚሰማትን እሷ ነች የምታውቀው።

ግን ልለይላችሁ። አባያ በር ላይ ይወልቃል። ለሙስሊሟ እህታችን ደግሞ ከመጀመሪያውም ልብሷ ነው። የተቆረጠ ፀጉር፣ ሥሩ በኬሚካል ካልተቃጠለ፣ ተመልሶ ያድጋል። ስሟንም አገሯ ስትገባ ታገኘዋለች። ቆዳዋ ግን አይመለስላትም። ስለዚህ ብዙ የምናገረው ስለ ማቅያ ክሬሙ ነው።

ፍራንኮ አካባቢ ያደገች አንዲት ልጅ አለች። ስሟን አልጠራም። ጠይም፣ ፊቷ ጥርት ያለ፣ አንድ ብጉር የማታውቅ ነበረች። የተቀጠረችበት ቤት ከእሷ በፊት ከሌላ አገር የመጣች ሠራተኛ ነበረች። ልጆቹ በየቀኑ «አንቺ ለምን እንደሷ ነጭ አይደለሽም?» ይሏት ነበር። አንድ ቀን እዚያው ከተማ የምትሠራ የአገሯ ልጅ በስልክ «ሚክስ» የሚሉትን ነገረቻት። ሱቅ ውስጥ ሁለት ሦስት ክሬም አንድ ላይ ተደባልቆ ስም በሌለው ዕቃ የሚሸጥ ነው። ገዛች። ማታ ማታ ትቀባው ጀመር።

መጀመሪያ ላይ እንደተባለው ሆነ። ፊቷ በሳምንታት ውስጥ ቀላ፣ ለሰለሰ። ፎቶ ላከች። እኛስ ምን አልን? «ቀላሽ! አማረብሽ! አገሩ ተስማማሽ!» አልን። እናቷ ፎቶውን ለጎረቤት አሳየች። ታናሽ እህቷ «ለእኔም ላኪልኝ» አለች። ፊቷ ምን ሆኖ እንደቀላ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም።

ከወራት በኋላ ምድጃ አጠገብ ስትቆም ፊቷ ያቃጥላት ጀመር። ፈርታ ክሬሙን አቆመች። በጥቂት ቀናት ውስጥ ፊቷ ደም መሰለ፣ አበጠ፣ ብጉር ወረረው፣ ከዚያም ከድሮው በላይ ጠቆረ። ደንግጣ ተመለሰችበት። ተረጋጋላት። ክሬሙ መድኃኒቷ መሰላት። እንዲህ ስታቆምና ስትጀምር ኮንትራቷ አለቀ። አዳማ ስትገባ ጉንጯ ላይ ቀጫጭን ቀይ የደም ሥሮች ይታያሉ። ቆዳዋ ሳስቶ ትንሽ ሲነካ ይቆስላል። ከዓይኗ በታች፣ ጉንጯ አጥንት ላይ፣ አመድማ ሰማያዊ ጥቁረት ወጥቷል። የጣቶቿ መገጣጠሚያና ጆሮዋ ግን እንደ ጥንቱ ጠይም ነው። ሰፈር ውስጥ በማስክ ነው የምትሄደው። ያው «አማረብሽ» ያላት ሰው ደግሞ «ምነው ጠቆርሽ? ምን ነካሽ?» አላት። ሠርግ መሄድ አቆመች። ከመሄዷ በፊት የተነሳችውን ፎቶ ከግድግዳ ላይ አውርዳ ደበቀችው።

ምን እንደደረሰባት የቆዳ ሐኪም ሲያስረዳ እንዲህ ነው። በእነዚህ ድብልቆች ውስጥ በብዛት የሚገኘው ክሎቤታሶል የሚባል በጣም ኃይለኛ ስቴሮይድ ነው። ሐኪም ለከባድ የቆዳ በሽታ ያዘዋል፤ ያውም በተለምዶ ከ2 ሳምንት ለማይበልጥ ጊዜ፤ ፊት ላይ እንዳይቀባም ያስጠነቅቃል። መጀመሪያ ላይ ፊት የሚያጠራው እብጠትንና ቁጣን ስለሚያፍን፣ የቆዳን ቀለምም ስለሚቀንስ ነው። ሲቆይ ቆዳውን ያሳሳዋል። በድንገት ሲቆም ታፍኖ የነበረው ሁሉ አንድ ላይ ይነሳል። ልጅቷ ክሬሙን ማቆም ያቃታት ፈቃደ ደካማ ሆና አይደለም። ቆዳዋ ለምዶት ነው።

አመድማው ጥቁረት የሚመጣው ሃይድሮኩዊኖን ከሚባለው ነው። ይህ ቆዳ ቀለም እንዳይሠራ ያግዳል። በሐኪም ቁጥጥር፣ በትንሽ መጠንና ለአጭር ጊዜ የሚታዘዝበት አጋጣሚ አለ። መጠኑ ሳይታወቅ ለረጅም ጊዜ ከተቀባ ግን በቆዳው ውስጠኛ ክፍል ጥቁር ሰማያዊ ነገር ይጠራቀማል። ልጅቷ ጥቁረቱን ለማጥፋት ክሬሙን ስትጨምር ጥቁረቱም ይጨምራል። ለማከም እጅግ አስቸጋሪ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ይህን ንጥረ ነገር ከማቅያ ክሬም ውስጥ ካገደው ከ20 ዓመት በላይ ሆኖታል።

ከሁሉ የሚብሰው ሜርኩሪ ነው። እሱም ቀለም ያግዳል፤ ነገር ግን በቆዳ በኩል ወደ ደም ገብቶ ኩላሊትን ይጎዳል። ሽንቷ አረፋ የሚበዛበት፣ እግሯና የዓይኗ ሽፋን የሚያብጥ፣ እጇ የሚንቀጠቀጥ፣ እንቅልፍ የሚያሳጣት ልጅ ክሬም የምትቀባ ከሆነ በፍጥነት ሐኪም ይያት። ቀላል የሽንት ምርመራ ፕሮቲን መኖሩን ያሳያል፤ ለሐኪሙ ግን የምትቀባውን ካልነገረችው ምክንያቱን ሊያገኘው አይችልም። ሜርኩሪ በተቀባችው ላይ ብቻም አይቀርም። ይተንናል፤ በፎጣና በትራስ ይተላለፋል። የምታቅፈው ሕፃንም ይደርሰዋል።

ስለዚህ አገሮች ተስማምተዋል። የሚናማታ ስምምነት የሚባለው በ2013 እ.ኤ.አ. ሲጸድቅ፣ በአንድ ኪሎ ክሬም ውስጥ ከ1 ሚሊግራም በላይ ሜርኩሪ ያለበት ማቅያ እስከ 2020 መመረቱና መሸጡ እንዲቆም ተወስኖ ነበር። በ2023 ደግሞ ያቺ 1 ሚሊግራም እንኳ እንድትቀር ተወሰነ። ክሬሙ ግን በሻንጣና በስልክ ትዕዛዝ ከተማ ለከተማ መዞሩን አላቆመም።

እንዴት ታውቁታላችሁ? ዕቃው ላይ የአምራች ስምና የንጥረ ነገር ዝርዝር ከሌለ አትንኩት። ሜርኩሪ፣ ካሎሜል ወይም Hg የሚል ካለበት ጣሉት፤ ስትጥሉትም በደንብ አሽጋችሁ፣ ልጆች ከማይደርሱበት። «ወርቅ፣ ብር ወይም አሉሚኒየም እንዳይነካው» የሚል ማስጠንቀቂያ ካለው ሜርኩሪ ሊኖርበት ይችላል፤ ሜርኩሪ እነዚህን ማዕድናት ያበላሻልና። ምንም ካልተጻፈበት ደግሞ ሰውየዋን እዩ። ፊቷ ከአንገቷ በታች ካለው ሌላ ከሆነ፣ የጣቶቿ መገጣጠሚያ ጥቁር ሆኖ እጇ ከቀላ፣ ክሬም ነው እንጂ አገሩ ተስማምቷት አይደለም።

እህቴ፣ አንቺ ራስሽ የምትቀቢ ከሆነ በአንድ ቀን አትጣዪው ብዬ የምለምንሽ አለኝ። ስቴሮይድ ያለበት ከሆነ ማቆሚያው ቀስ በቀስ፣ በሐኪም መሪነት ነው። ሜርኩሪ ሊኖርበት እንደሚችል ከጠረጠርሽ ግን አንድ ቀን አትጨምሪ፤ ያንኑ ዕለት አቁመሽ ወደ ሐኪም ሂጂ። ዕቃውን ይዘሽ ሂጂ፤ ባዶም ቢሆን። አዳማ የቆዳ ሐኪም ካጣሽ አዲስ አበባ አለርት ለቆዳ ሕክምና ከጥንት የታወቀ ነው። አፍረሽ ቤት አትቀመጪ። ያፈርነው እኛ መሆን ነበረብን።

ለእናንተ ለቀራችሁት የማሳስበውም ይኸው ነው። ፎቶ ስትልክላችሁ «ቀላሽ» ማለትን ተዉ። ጤናዋን ጠይቁ፤ ተኝታ እንደሆነ፣ ደመወዟን ተቀብላ እንደሆነ ጠይቁ። ሚዜ ስትመርጡ፣ ሙሽራ ስታዩ፣ «ጠይም ናት ግን ቆንጆ ናት» የምትሉትን «ግን» አውጡት። ልጅቷ ባዕድ አገር የተነገራትን ያመነችው ቤቷ ውስጥ አስቀድማ ስለሰማችው ነው።

ከአረብ አገር የምትመለሱ፣ ክሬሙን ለእህትና ለአክስት ስጦታ አድርጋችሁ አታምጡ። ሻንጣው ላይ የሚተርፈውን ኪሎ ለሽቶና ለሻርፕ አድርጉት። የገበያ ሱቅ ያላችሁም፣ ስም የሌለውን ዕቃ በጓዳ አስቀምጣችሁ «ለአንቺ ብቻ» ብላችሁ የምትሸጡትን እናውቃለን። ገዢዋ ልጅ የሰፈራችሁ ልጅ ናት።

ደላላዎች፣ እናንተን መጨረሻ ያደረግኳችሁ ረስቼ አይደለም። ልጅቷ ወደ ውጭ የምትላክበት ሕግ ዕድሜዋንና ሥልጠናዋን ይጠይቃል። የፊቷን ቀለም የሚጠይቅ አንቀጽ የለውም። ከእንግዲህ «ጠራ በዪ» ያለ ደላላ ያጋጠማችሁ ወላጆች፣ ልጃችሁን ይዛችሁ ውጡ። ሌላ በር ፈልጉ። ክሬም የጠየቀ ሰው ነገ ፓስፖርቷንም ይጠይቃል።